23,400 ተከታዮች የት ሄዱ? ለሐበሻ ቀሚስ ሱቅ ባለቤት የተጻፈ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ትናንት ደውለው «ገጹን ምን ነካው? ግማሹ ሰው ጥሎን ሄዷል እኮ!» ሲሉኝ ድንጋጤዎ ገብቶኛል። የኢንስታግራም ገጻችን 41,200 ተከታይ ነበረው። ዛሬ ሲከፍቱት የሚያዩት 17,800 ነው። ሐሰተኛ አካውንቶችን እናጽዳ ብለን ስንስማማ ቁጥሩ እንደሚቀንስ ተነጋግረን ነበር። ይህን ያህል ይሆናል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም። በስልክ በጥድፊያ ከማወራው ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ልጆችም ያንብቡት፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው መልስ እንዲኖራቸው።

በአጭሩ፣ ጥሎን የሄደ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጎደሉት 23,400 አካውንቶች እኛው በእጃችን ያስወጣናቸው ናቸው። ከጀርባቸው ቀሚስ ለብሶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐሰተኛ ተከታይ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኢንስታግራም ላይ አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር ይበቃል። ይህን ሥራ በኮምፒውተር ፕሮግራም በሺህ በሺህ የሚሠሩ አሉ። እነዚህን ነው ሰው «ቦት» የሚላቸው። ስም ይሰጣቸዋል፤ ፎቶ ከሌላ ሰው ገጽ ይለጠፍላቸዋል። ከዚያ «ፎሎወር እንጨምርልዎ» ለሚሉ ነጋዴዎች ይሸጣሉ። ገዢው ብሩን ሲከፍል፣ ያዘዘው ያህል አካውንት መጥቶ ገጹን ይከተላል።

ንግዱ ትልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዴቩሚ የሚባል ድርጅት ሐሰተኛ ተከታይ ሲቸበችብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ኒውዮርክ ታይምስ ጉዱን አወጣው። ከሸጣቸው አካውንቶች ብዙዎቹ የእውነተኛ ሰዎችን ስምና ፎቶ የቀዱ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ ግን አያውቁም። በዓመቱ የአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድርጅቱንና ባለቤቱን ከስሶ፣ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩ ተዘጋ። ድርጅቱ ተዘጋ እንጂ ንግዱ አልተዘጋም። ዛሬ በቴሌግራም አንድ መልእክት ልከው በጥቂት ብር ሺህ ተከታይ መግዛት ይቻላል።

የእኛም ገጽ ላይ እነዚህ የገቡት እኔ ሥራውን ከመረከቤ በፊት ነው። ማን አስገባ የሚለውን አሁን ብናነሳው የሚጠቅመን ነገር የለም።

ሐሰተኛ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ብዙ ሰው ቦትን በመልኩ ለመለየት ይሞክራል። ፎቶ የሌለው፣ ምንም ያልለጠፈ፣ ስሙ ላይ ቁጥር የደረደረ፣ ተከታይ የሌለው አካውንት ካየ «ይሄ ቦት ነው» ይላል። ተከታይ እንመርምርልዎ የሚሉ ድረ ገጾችም በአብዛኛው የሚያዩት ይህንኑ ነው። ለእኛ ገጽ ግን ይህ መለኪያ አደገኛ ነው።

ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሜሪላንድ ተቀምጠው ለልጃቸው ሠርግ አንዴ አምስት ቀሚስ ያዘዙትን እናት ያስታውሱ። የፕሮፋይል ፎቷቸው የእመቤታችን ሥዕል ነው። አንድም ነገር ለጥፈው አያውቁም። ገጻቸው ዝግ ነው። ስማቸው መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ አካውንቱን የከፈተችላቸው ልጃቸው ናት። በመልክ ከሄድን እኚህ ሴት ንጹህ ቦት ናቸው። በሱቁ የክፍያ ደብተር ከሄድን ግን ከምርጥ ደንበኞቻችን አንዷ ናቸው። ፎቷቸው ጽጌረዳ የሆነ፣ ስማቸው «የማርያም ልጅ» የሆነ፣ ዱባይና ቤይሩት የሚሠሩ እህቶቻችን ስንቱ ናቸው! በመልክ ብቻ ብናጸዳ ኖሮ ገዢዎቻችንን ነበር የምናባርረው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያየነው የመጡበትን ሰዓት ነው።

ኢንስታግራም የገጹን መረጃ ለባለቤቱ አውርዶ ይሰጣል፤ ከአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ ይጠየቃል። ከሚመጡት ፋይሎች አንዱ `followers_1.json` ይባላል። ውስጡ የእያንዳንዱ ተከታይ ስምና መከተል የጀመረበት ቅጽበት፣ እስከ ሰከንዱ ተጽፏል። ይህን በየቀኑና በየሰዓቱ ስንደረድረው ነገሩ አፍጥጦ ወጣ።

በተለመደ ቀን ገጻችንን አዲስ የሚከተለው ከ15 እስከ 40 ሰው ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን ቁጥሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንደኛው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ 9,000 አካውንት የገባበት ነው። አዲስ አበባ ተኝታለች። በዚያ ሌሊት የለጠፍነው ምንም ነገር የለም። ከመካከላቸው አንድም «ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። በማግስቱ ደግሞ ወደ ተለመደው 20 እና 30 እንመለሳለን። ሌሎቹ ሁለት ቦታዎችም መልካቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ድንገት ብዙ ሰው መምጣቱ ራሱ ጥፋት ነው?

አይደለም። በጥምቀት ሰሞን የዚያች ሙሽራ ቪዲዮ የተሰራጨ ጊዜ 2,300 ያህል ሰው በጥቂት ቀን መጥቷል። እነሱን አንድ እንኳ አልነካናቸውም። የሁለቱ ልዩነት በግልጽ ይታያል። እውነተኛ ግርግር የሚጀምረው ከአንድ ምክንያት ነው፤ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይበርዳል። ሌሊት ይቀንሳል፤ ማታ ሰው ከሥራ ሲገባ ይደምቃል። ኮሜንቱና ኢንቦክሱም አብሮ ይሞላል። የተገዛው ደግሞ እንደ ቧንቧ ነው የሚከፈተው። በእኩል ፍጥነት ይፈሳል፤ የተከፈለበት ቁጥር ሲሞላ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

በሦስቱ ግድግዳዎች ውስጥ በጠቅላላ 24,100 አካውንት ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ አላባረርንም። በኢንቦክስ ጽፎልን የሚያውቅ፣ ኮሜንት ወይም ላይክ ያደረገ፣ ስሙ አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚመስል፣ ከምናውቃቸው ደንበኞች ጋር እርስ በርስ የሚከታተል ካለ ተውነው። በዚህ መንገድ ወደ 700 የሚሆኑ ተረፉ። ከነሱ ውስጥ ጥቂት ቦት አምልጦ ይሆናል፤ ይሁን። አንድ ገዢ ከማባረር አሥር ቦት መተው ይሻላል ብዬ ነው የሠራሁት።

የቀሩት 23,400 ናቸው የወጡት።

እንዴት ነው የሚወጡት? ይነገራቸዋል?

ከተከታዮች ዝርዝር ስማቸውን ፈልጎ «አስወግድ» የሚለውን መንካት ነው። ከብሎክ ይለያል። ብሎክ የተደረገ ሰው ገጹን ጭራሽ ማየት አይችልም። የተወገደ ሰው ግን ተወግደሃል የሚል መልእክት አይደርሰውም፣ ገጻችንም ክፍት ስለሆነ ማየት ይችላል፤ ከፈለገም ተመልሶ መከተል ይችላል።

ሥራው አሰልቺ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ካስወገዱ ኢንስታግራም ራሱ «ይሄ ሰው ነው ወይስ ማሽን?» ብሎ ይጠረጥርና ለጊዜው ያግድዎታል። ስለዚህ በቀን ጥቂት መቶ እያልን ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል። «በአንድ ጠቅታ እናጸዳለን» የሚሉ አፖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ልጅዎም ነግሮኛል። አብዛኞቹ የገጹን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። የይለፍ ቃል መስጠት ደግሞ የሱቁን ቁልፍ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው መስጠት ስለሆነ አልሞከርኩትም።

እውነተኛ ሰው ቆርጣችሁ ቢሆንስ?

ይህን የማረጋግጥበት መንገድ አለኝ። የእኛን ስቶሪ በየቀኑ የሚያዩት በአብዛኛው ተከታዮቻችን ናቸው። እውነተኛ ሰዎችን ቆርጠን ከሆነ የስቶሪ ተመልካች አብሮ መውረድ አለበት። ተከታይ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ ተመልካቹም ወደ ግማሽ ይወርዳል ብለው ያስቡ።

ከጽዳቱ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት አንድ ስቶሪ በአማካይ 1,450 ሰው ያየው ነበር። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት 1,430 ነው። በዓል ያለባቸውን ሳምንታት ከሁለቱም ወገን አውጥቻለሁ፤ በዓል ሲደርስ ገጹ ስለሚሟሟቅ ስሌቱን ያበላሸዋል። የ20 ሰው ልዩነት ከቀን ወደ ቀን የሚታይ ነው። 23,400 አካውንት ወጥቶ፣ በራችን ላይ የሚቆመው ሰው ግን ያው ነው።

ካልጎዱን ለምን አልተውናቸውም?

እርስዎም የጠየቁኝ ይህንን ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዝም ብለው ተቀምጠው ቢሆን እኔም እተዋቸው ነበር።

አንድ የእድር መዝገብ ያስቡ። 400 ስም ተጽፏል፤ ከዚያ 230ው የሌለ ሰው ነው። ጥሩምባ ሲነፋ የሚመጣው 60 ሰው ነው። ሰፈሩን የማያውቅ እንግዳ መዝገቡንና ድንኳኑን እያየ «እዚህ ሰፈር ሰው ለሰው ግድ የለውም» ማለቱ አይቀርም። ኢንስታግራም እንግዳው ነው። አንድ ፎቶ ስንለጥፍ ለማን ያሳየው እንደሆነ የሚወስነው ሰው አይቶት ይቆያል ወይ፣ ላይክ ያደርጋል ወይ፣ ለሌላ ይልካል ወይ ብሎ በመገመት ነው። ግምቱን የሚያገኘው ደግሞ ካለፈው ምላሽ ነው። ፎቶው ምላሽ ለማይሰጥ በድን አካውንት በደረሰ ቁጥር ያ ዕድል ባከነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው እንዲያየው ከፍለን ፎቶ ቡስት ስናደርግ ኢንስታግራም «ለማን ይታይ?» ብሎ ይጠይቀናል። ምርጫውን ለእሱ ከተውንለት ተከታዮቻችንን የሚመስሉ ሰዎችን ፈልጎ ያሳያል። ከተከታዮቻችን ከግማሽ በላይ ቦት ከሆኑ ምን እንደሚፈልግ ያስቡት! በዶላር እየከፈልን ነው ይህን የምናደርገው፤ ዶላር ደግሞ እንዴት እንደምናገኘው እናውቃለን።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ኢንስታግራም ተከታዮቻችን የት ከተማ እንዳሉና በስንት ሰዓት ስልካቸው ላይ እንደሚሆኑ ያሳየናል። ከጽዳቱ በፊት አዲስ አበባ አንደኛ ሆና፣ ቀጥሎ የሚመጡት አንድም ቀሚስ ልከን የማናውቅባቸው የእስያና የደቡብ አሜሪካ ከተሞች ነበሩ። ሰዓቱንም ከቀኑ 10 ሰዓት ይለን ነበር፤ እኛም አምነን በዚያ ሰዓት ስንለጥፍ ኖርን። በአዲስ አበባ 10 ሰዓት ማለት በዚህ ወቅት ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የውጭ ደንበኞቻችን ሥራ የሚገቡበት ሰዓት! አሁን ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የዋሽንግተን አካባቢ ከተሞችና ዱባይ ወጥተዋል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት መለጠፍ ጀምረናል። እዚህ ሰው ራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት፣ እዚያ የምሳ ሰዓት ያለፈበት ነው።

አሁን ስንት ነን ታዲያ? ተሻሽለናል?

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ደንበኛን ለማስደሰት የሚጠቀሙባት አንዲት የቁጥር ጨዋታ አለች።

አንድ ፎቷችን በአማካይ 310 ላይክ ያገኛል። ለ41,200 ሲካፈል 0.75 በመቶ ነው። ያው 310 ለ17,800 ሲካፈል 1.74 በመቶ ይሆናል። «የምላሽ መጠንዎ ከእጥፍ በላይ አደገ!» ብዬ ልጽፍልዎ እችል ነበር። ግን ላይኩ ያው 310 ነው። የተለወጠው የምናካፍልበት ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ አንድ ቀሚስ አልተሸጠም።

ጥቅሙ የሚታየው ቀስ እያለ ነው፤ የሚታየውም ሌላ ቦታ ነው። እኔ የምከታተለው ሦስት ነገር ነው። በሳምንት ስንት ሰው በኢንቦክስ ዋጋ ጠየቀ፣ ከቡስት የመጣ አንድ ጠያቂ ስንት ብር አስወጣን፣ ልጥፋችንን ካዩት ውስጥ ስንቱ ከአዲስ አበባና ከምንልክባቸው ከተሞች ነው። እነዚህ በሦስት ወር ውስጥ ካልተንቀሳቀሱ ችግሩ ከተከታዮቹ ሌላ ነው ማለት ነው። ፎቶው ሊሆን ይችላል፤ ዋጋን ደብቆ «በኢንቦክስ» የማለት ልማዳችንም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ያለኝን ሐሳብ ያውቁታል።

ሰው ቁጥር አይቶ አይደል የሚያምነው?

ልክ ነዎት፤ ይህን አልክድም። ሽሮ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች ተመሳሳይ ቀሚስ ቢለጥፉና አንዱ 80,000፣ አንዱ 17,000 ቢኖረው አዲስ ደንበኛ ወደ ትልቁ ታደላለች። ይህ ጽዳቱ ያስከፈለን ዋጋ ነው።

ግን ያ ቁጥር በእጃችን የሚቆይ አልነበረም። ኢንስታግራም ራሱ ያጸዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ባደረገው ጽዳት የራሱ የኢንስታግራም ገጽ ከ18 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አጥቷል። ጀስቲን ቢበር ከ3 ሚሊዮን በላይ ወረደበት። ሜስ የተባለው ራፐር ከ1.6 ሚሊዮን ወደ 100 ሺህ ገደማ ወርዶ፣ ገጹን ዘግቶ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት ደግሞ ትዊተር ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ ባራክ ኦባማ ሳይቀሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቀንሶባቸዋል። ኦባማ ተከታይ ገዝተው አይደለም፤ ቦቶች እውነተኛ ለመምሰል ታዋቂ ሰዎችንም ይከተላሉ። ስለዚህ ሐሰተኛ ተከታይ ያለው ገጽ ሁሉ ገዝቷል ማለት አይቻልም። የጎረቤት ሱቅ ቁጥር ሲወርድ ካዩም ፈጥነው አይፍረዱ።

ከጽዳቱ የተነሳ የተዘጋብን አገልግሎትም የለም። ድሮ ስቶሪ ላይ ሊንክ ለማስገባት 10,000 ተከታይ ይጠየቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያ ቀርቶ ለሁሉም ተፈቅዷል።

ከዚህ በኋላም ይቀንሳል?

ጥቂት ይቀንሳል። ካስተረፍናቸው 700 ውስጥ ቦት የሆኑትን ኢንስታግራም በራሱ ጊዜ ይዘጋቸዋል። በሳምንት አሥርና ሃያ ሲጎድል ካዩ አይደንግጡ። በአንድ ቀን መቶዎች ከጎደሉ ወይም በአንድ ሌሊት ሺዎች ከተጨመሩ ግን ወዲያው ይደውሉልኝ። የሚጠላን ተፎካካሪ ቦት ገዝቶ ገጻችን ላይ ሊያፈስም ይችላልና መጨመሩም ዜና ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የገጹ የይለፍ ቃል ትናንት ተቀይሯል፤ አዲሱን ከእርስዎና ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይይዘው። ሱቅ ያሉት ልጆች መልእክት መመለስ እንዲችሉ በሌላ መንገድ ፈቃድ እሰጣቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ «ገጻችሁን እከተል ነበር፣ አሁን ወጥቼ አገኘሁት» የሚል ደንበኛ ከደወለ፣ ይቅርታ ጠይቀው መልሶ እንዲከተለን ይንገሩትና ስሙን ይላኩልኝ። በየትኛው ሌሊት ከገቡት ጋር እንደተቀላቀለ ከፋይሉ አይቼ፣ በዚያው ሰዓት አካባቢ የገቡ ሌሎች እውነተኛ ሰዎች ካሉ እንደገና እፈትሻለሁ።

ፋይሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። ሦስቱን ሌሊቶች በቀይ ቀለም አቅልሜያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የገጽዎ አስተዳዳሪ